ለእናት የሚላክ የእንቁጣጣሽ መልእክት በአንድ ቴክስት እንዲገባ

ጥያቄ፦ «እናቴ ገጠር ነው ያለችው። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ መልእክት የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነው። አምና ለእንቁጣጣሽ የላክሁላት ተቆራርጦ ደረሰ። ልጁ መጀመሪያ ያነበበላት ‹አልመጣም› የሚለውን ቁራጭ ሆነና ደንግጣ ደወለችልኝ። ዘንድሮ በአንድ ቴክስት እንዲገባልኝ እፈልጋለሁ። ሳሳጥረው ግን ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ስሜ ስልኳ ላይ ተመዝግቧል። ለጥምቀት ፈቃድ ስላለኝ እሄዳለሁ። የጻፍኩት ይኸው፣ ይርዱኝ፦

ለውድና ለተከበርሽው እናቴ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረሽ። አዲሱ ዓመት የሰላም፣ የጤና፣ የፍቅርና የደስታ ይሁንልሽ። ዘንድሮም ሳልመጣ በመቅረቴ በጣም አዝናለሁ። ጠዋት ጠዋት የቡናሽ ሽታ ትዝ ይለኛል። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። በጣም ነው የምወድሽ። ልጅሽ»

መልስ፦

እህቴ፣ በስልክ የሚላኩ አጫጭር መልእክቶችን በአማርኛ መጻፍ የዓመታት ሥራዬ ነው። አብዛኛው የክትባት ቀንና የስብሰባ ማስታወሻ ነው። የአንቺ ዓይነቱ ጥያቄ ሲመጣልኝ ግን ሥራዬን ሁሉ አስቀምጬ ነው የምቀመጠው።

መጀመሪያ መልእክትሽን ቆጠርኩት። ክፍት ቦታውና ነጥቡ ሁሉ ተደምሮ 232 ነው። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ ቴክስት ደግሞ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታም፣ ነጠላ ሰረዝም፣ አራት ነጥብም እንደ አንድ አንድ ፊደል ይቆጠራሉ።

ለምን 70 እንደሆነ ባጭሩ ልንገርሽ፤ በኋላ ይጠቅምሻል። አንድ ቴክስት 140 ባይት ነው፤ ይህ አይጨምርም። የላቲን ፊደል ጠባብ ቦታ ስለሚበቃው በዚያ ውስጥ 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ይወስዳል። 140ን ለ2 ስታካፍይው 70 ነው። ከ70 ካለፈ ስልኩ መልእክቱን ይቆራርጠዋል። በየቁራጩም ላይ «ይህ ስንተኛው ነው» የሚል ምልክት ስለሚለጥፍ ለጽሑፉ የሚቀረው ቦታ 67 ይሆናል። የአንቺ 232 ፊደል ታዲያ አራት ቁራጭ ነው ማለት ነው። ሂሳብ የሚቆረጠውም በቁራጩ ብዛት ነው።

የሚቆርጠው ማሽን ስለሆነ ቃል አይመርጥም፤ 67 ላይ ሲደርስ ይቆርጣል። የዘንድሮውን ጽሑፍሽን በዚህ ልክ ቆርጬ አየሁት። የመጀመሪያው ቁራጭ «እንኳን ከዘ» ላይ ያልቃል። ሁለተኛው «መነ ማርቆስ» ብሎ ይጀምራል። ሦስተኛው ምን ብሎ እንደሚጀምር ታውቂያለሽ? «። ዘንድሮም ሳልመጣ በመቅረቴ በጣም አዝናለሁ።» ስልኳ ቁራጮቹን መገጣጠም ካልቻለ፣ ወይም ሦስተኛው ቀድሞ ከደረሰ፣ የአምናው ድንጋጤ ዘንድሮም ይደገማል። ልጁ ጥፋት የለበትም። ያገኘውን ነው ያነበበው።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞኛል። ለእናቶች የተላከ የክትባት ማስታወሻ ጽፌ ሁለት ፊደል አለፈ። ቀኑ በአንዱ ቁራጭ፣ ቦታው በሌላው ደረሰ። ብዙዎቹ ቀኑን ብቻ ይዘው ሌላ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አንድም መልእክት ሳልቆጥር ልኬ አላውቅም።

አሁን ወደ ማሳጠሩ። ሲያጥር ማስታወቂያ የመሰለብሽ፣ ከየዓረፍተ ነገሩ ትንሽ ትንሽ ስለቀነስሽ ይመስለኛል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። «እግዚአብሔር»ን «እ/ር» ያደርጋል፣ «አዲስ ዓመት»ን «አ.ዓ» ያደርጋል፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ግን ሁሉንም ያቆያቸዋል። የሚቀረው አጥንት ብቻ ይሆናል። ልጁም «እ/ር» ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። እኔ የምመክርሽ ተቃራኒውን ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን አውጪው፤ የሚቀረውን ግን ሙሉ ቃሉን ተዪለት።

የትኛው ይውጣ? ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ አቅርቢለት፦ ይህን ለጎረቤታችሁም እናት ብትልኪው ያስኬዳል? ካስኬደ የሁሉም ነው፣ ይውጣ። «የሰላም፣ የጤና፣ የፍቅርና የደስታ ይሁንልሽ» ለማንም ይሆናል። «ረጅም ዕድሜና ጤና» ለማንም ይሆናል። «ለውድና ለተከበርሽው» የማመልከቻ አነጋገር ነው፤ እናትሽን ቤት ውስጥ እንደዚያ ብለሽ አትጠሪያትም። «እማዬ» በይያት። ሦስት ፊደል ነው፣ ግን ልጁ ገና «እማዬ» ሲል እሷ አንቺን ትሰማለች።

ለጎረቤት እናት ሊላክ የማይችል አንድ ዓረፍተ ነገር አለሽ፦ «ጠዋት ጠዋት የቡናሽ ሽታ ትዝ ይለኛል።» 24 ፊደል ነው። የመልእክትሽ ልብ እሱ ነው፤ የመጣው ግን ከ164 ፊደል በኋላ ነው። አራት ቁራጭ ሆኖ ሲሄድ ደግሞ ሦስተኛው ውስጥ፣ ከይቅርታው ሥር ተደብቋል። በረጅም ደብዳቤ ይህ ያለ ነው። ሰው ወደ ዋናው ነገር የሚደርሰው እጁ ከተፍታታ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳታሳጥሪ መጀመሪያ በረጅሙ መጻፍሽ መልካም ነው። ባይሆን ኖሮ የቡናው ሽታ አይመጣልሽም ነበር።

አንድ ነገር ግን የሁሉም ቢሆንም አይውጣ። «እንኳን አደረሰሽ» መቅረት የለበትም። እናትሽ ይህን ቃል ትጠብቃለች፤ ከቀረ ቅር ይላታል። የሚወጣው አጃቢው ነው። «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም» ብቻውን 25 ፊደል ይበላል፤ ከአንድ ቴክስት ሲሶውን አልፎ ማለት ነው። ዘመኑ ሉቃስ መሆኑን እናትሽ ከአንቺ በፊት ታውቃለች፤ በዕለቱም ቤተ ክርስቲያን ትሰማዋለች። «እንኳን አደረሰሽ።» ከነአራት ነጥቡ 11 ፊደል ነው፣ ይበቃል።

«የእግዚአብሔር ስም ከወጣ ትቀየመኛለች» ብለሽ ትሰጊ ይሆናል። ቃሉን ቀረብ ብለሽ እዪው። «አደረሰሽ» ሲባል ያደረሳት ማን ነው? ስሙ አልተጠራም፣ ግን አድራጊው እዚያው ግሱ ውስጥ አለ። አማርኛ እንዲህ ነው፤ ስንት ነገር በአንድ ግስ ይሸከማል። ለዚህም ነው በ70 ፊደል ከምታስቢው በላይ ማለት የሚቻለው።

ሙቀቱ ያለውም እዚያው ቃሉ ጫፍ ላይ ነው። «ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ» ምርቃት ነው፤ ማንም ለማንም ይላል። «ኑሪልኝ» ግን ሌላ ነው። በዚያች «ልኝ» ውስጥ «መኖርሽ ለእኔ ነው፣ ካላንቺ አይሆንልኝም» የሚል ነገር አለ። አራት ፊደል ናት። «በጣም ነው የምወድሽ»ን በእሷ ተክቼዋለሁ። የወጣውን ዓረፍተ ነገር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ብዙዎቹ እናቶቻችን «እወድሻለሁ»ን ከልጆቻቸው ሰምተው አልለመዱም፤ «ኑሪልኝ»ን ግን ከእናታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ስታሳጥሪ «ልኝ»፣ «ሽ»፣ «ዬ» የሚሉትን ጭራዎች አትንኪ። አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ ቢነሱ ግን ማስታወቂያ የሚመስለው ያኔ ነው።

ይቅርታውም ይውጣ። «ዘንድሮም ሳልመጣ በመቅረቴ በጣም አዝናለሁ» በቴክስት የሚባል አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ነገር ድምፅ ይፈልጋል፤ ደውለሽ ንገሪያት። በቦታው ደስ የሚላትን አስገቢ፦ «ለጥምቀት እመጣለሁ።» ፈቃዱ እጅሽ ላይ ስላለ ነው ይህን የምልሽ። እርግጠኛ ባትሆኚ ኖሮ አትጻፊው እልሽ ነበር።

«ደህና ነኝ»ም ይግባ። ከሩቅ ያለ ልጅ እናት መጀመሪያ የምታዳምጠው እሱን ነው። «በጣም» ግን አያስፈልገውም። በጽሑፍሽ ውስጥ «በጣም» ሦስት ጊዜ አለ፤ ከነክፍት ቦታው 12 ፊደል ወስዷል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ እንዲህ ሆነ፦

«እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት የቡናሽ ሽታ ትዝ ይለኛል። ለጥምቀት እመጣለሁ። ኑሪልኝ። ልጅሽ»

ቆጠርኩት፣ 72 ነው። ሁለት ፊደል አለፈ። በሁለት ፊደል ምክንያት ሁለት ቴክስት ይሆናል፣ የመጨረሻዋ ቁራጭም «። ልጅሽ» ብቻ ይዛ ትሄዳለች።

እዚህ ጋ ነው መጠንቀቅ። ቶሎ የሚታየው አንዱን «ጠዋት» ማውጣት ነው፤ አራት ፊደል ይተርፋል። ግን «ጠዋት የቡናሽ ሽታ» አንድ ቀን ነው፣ «ጠዋት ጠዋት» ግን በየቀኑ ነው። ድግግሞሹ ራሱ ናፍቆቱ ስለሆነ አልነካሁትም። ሌላ ያሰብኩት ሁለቱን ማጣመር ነበር፦ «ለጥምቀት እስክመጣ ኑሪልኝ።» ፊደል ይቆጥባል፣ ሲሰማ ግን ምን ይላል? «እስክመጣ ድረስ ኑሪ» ይላል። እናት ፊት እንዲህ አይባልም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ስታጣምሪ ሁልጊዜ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ዓይን የማያየውን ጆሮ ይይዘዋል።

ያወጣሁት «ልጅሽ»ን ነው። ስምሽ ስልኳ ላይ ስለተመዘገበ ልጁ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከዚያ «ትዝ ይለኛል»ን በ«ይናፍቀኛል» ቀየርኩት። አንድ ፊደል ያጥራል፤ ያጠረው ሳይሆን የከበደው ግን ይበልጣል። ትዝ የሚለን ብዙ ነገር ነው፣ የሚናፍቀን ጥቂት።

«እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት የቡናሽ ሽታ ይናፍቀኛል። ለጥምቀት እመጣለሁ። ኑሪልኝ።»

67 ፊደል። ሦስት ትርፍ አለሽ። ትርፉን አትሙዪው፣ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

አራት ነጥቡን እንዴት ነው የምትጽፊው? ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ «፡፡» ማለት ነው። ሲታይ ያው ነው፤ ስልኩ ግን ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል። በዚህ መልእክት ውስጥ አምስት አራት ነጥብ አለ። ሁሉንም በሁለት ሁለት ነጥብ ከጻፍሻቸው 67ቱ 72 ይሆናል፤ ተመልሰሽ ሁለት ቴክስት ውስጥ ገባሽ። ኪቦርድሽ ላይ «።» የሚለውን አንዱን ቁልፍ ፈልጊው። ሌላው ደግሞ ከመጨረሻው ቃል በኋላ የሚቀር ክፍት ቦታ ነው። ቃል የሚጠቁሙ ኪቦርዶች ቃሉን ስትመርጪ ራሳቸው ክፍት ቦታ ይጨምራሉ። አይታይም፣ ግን ይቆጠራል። የአበባ ምስል ልጨምር ካልሽም ሁለት ፊደል ይወስዳል፤ እናትሽ ስልክ ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ልጁ ሳጥኑን ምን ብሎ ያነብላታል?

ስምሽ ስልኳ ላይ ባይኖር ኖሮ «ልጅሽ» የግድ ነበር። ያኔ 71 ይሆናል። ከ«እማዬ» ቀጥሎ ያለውን ነጠላ ሰረዝ ስታነሺ ልክ 70 ይሞላል። ይገባል፣ ግን ያን የማይታይ ክፍት ቦታ ልብ ማለት አለብሽ።

የአምላክን ስም ጮክ ብሎ መስማት የምትፈልግ እናት ከሆነችም መንገድ አለ። «ኑሪልኝ»ን «እግዜር ያኑርልኝ» አድርጊው። ስድስት ፊደል ጨምሮ 73 ይሆናል። ያኔ በዋዜማው ደውለሽላት ድምፅሽን ሰምታ ከሆነ «ደህና ነኝ» ይውጣ፤ 65 ላይ ይወርዳል። የትኛው እንደሚሻላት የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ አላውቃትም።

«ለምን በላቲን ፊደል አልጽፈውም? 160 ይገባል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይህንኑ መልእክት በላቲን ጻፍኩት፣ 107 ፊደል ሆነ። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አብሮ ስለሚይዝ ልዩነቱ እንደሚባለው ሰፊ አይደለም። የእናትሽ ስልክ የግዕዝ ፊደል የማያሳይ ከሆነ፣ ማለትም አምና የመጣው ሁሉ ባዶ ሳጥን ከነበረ፣ ያለው አማራጭ እሱ ብቻ ነው። ያኔ ግን አንዲትም የእኛ ፊደል አትቀላቅዪ። 107 የላቲን ፊደል ጽፈሽ መጨረሻ ላይ አንድ «።» ብታስገቢ ስልኩ መላውን መልእክት ወደ 70ው ስሌት ይወስደዋል፤ ሁለት ቁራጭ ይሆናል። ስልክሽ ራሱ የሚያጎብጠው የጥቅስ ምልክትም እንዲሁ ያደርጋል። የጎረቤታችሁ ልጅ አምና አማርኛውን ስላነበበው ይህ አያስፈልግሽም። አማርኛን በላቲን ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ ለልጅ ከባድ ነው።

ስለ ንባቡ አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ አንዱን መምረጥ አለበት። አንዲት ልጅ ለጥምቀት ሳይሆን ለገና ልትሄድ አስባ ፊደል ለመቆጠብ «ገና እመጣለሁ» ብላ ጽፋ አይቻለሁ። «ና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና ነኝ፣ ቆይቼ እመጣለሁ» ይመስላል። አንድ «ለ» ብትጨምርና «ለገና» ብትል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ፊደል መቆጠብ ደግ ነው፤ ትርጉም የሚይዘውን ፊደል ግን ተዪው።

ይህ 160 የሚባለው ልክ ከየት እንደመጣ ስጠየቅ የምናገረው ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ የዘፈቀደ ዓረፍተ ነገሮችን እየጻፈ ፊደላቸውን ቆጠረ። ፖስት ካርዶችንም አየ፣ ብዙዎቹ ከ150 ፊደል አይበልጡም። ስለዚህ 160 ይበቃል አለ። የቆጠረው የላቲን ፊደል ነበር። የመጀመሪያው ቴክስት የተላከው በ1992 ነው። ላኪው ኒል ፓፕዎርዝ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር፤ የላከውም «መልካም ገና» የሚል ነው። ነገሩ ከመነሻው የበዓል ሰላምታ ነበር ማለት ነው።

ከመላክሽ በፊት ቁጥሩን አረጋግጪ። በብዙ ስልክ ላይ የመጻፊያው ሳጥን ጥግ ትንሽ ቁጥር ትታያለች። አንዱ የቀረሽን ፊደል፣ ሌላው የቴክስቱን ብዛት ይናገራል። ሁለተኛው ቁጥር 1 መሆን አለበት። 2 ካለ የሆነ ቦታ የማይታይ ነገር ገብቷል፤ መጀመሪያ መጨረሻውን ክፍት ቦታ እዪ፣ ቀጥሎ አራት ነጥቦቹን። ቁጥሯ የማትታይሽ ከሆነ ባለ ቁልፍ ስልክ ላለው ጓደኛሽ ላኪና «ስንት ሆኖ ደረሰህ?» በይው።

በበዓል ጠዋት መስመሩ ስለሚጨናነቅ ጳጉሜን 5 ማታ ብትልኪው ይሻላል። ልጁም እንቁጣጣሽ ጠዋት የሳለውን አበባ ይዞ በየቤቱ ሳይዞር በፊት ያነብላታል።